ለስኔር የትኛው ኮምፕረሰር? ReaComp፣ 1176 እና ዲቢኤክስ 160ኤ

ሐዋሳ ውስጥ በአንዲት ክፍል የመዝሙርና የሠርግ ባንድ ድራም የሚቀዱ ባለስቱዲዮዎች ከወሰን ያለፈውን ድምፅ የሚቀንሰውን ኮምፕረሰር ሲመርጡ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ስሙ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው አታኩን፣ ማለትም ቅነሳው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚጀምር ነው።

የአንድ ስኔር ምት ጫፍ ቅነሳው ከሚጀምርበት ወሰን፣ ከትሬሾልዱ፣ በ10 ዴሲቤል ይበልጣል እንበል። ሬሾው 4 ለ 1 ከሆነ 7.5 ዴሲቤል ይቀነሳል። ወደ 10 ለ 1 ቢያሳድጉት ቅነሳው 9 ይሆናል፤ ልዩነቱ 1.5 ብቻ ነው። ስለዚህ ሬሾው ብዙ አማራጭ አለው ተብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ።

ትልቁ ልዩነት ቅነሳው የሚጀምርበት ጊዜ ነው። አታኩ 1 ሚሊሰከንድ ሲሆን ዱላው ቆዳውን የመታበት ስንጥቅ ራሱ ይጨፈለቃል፤ ስኔሩ ይወፍራል፣ ግን ወደ ኋላ ይሸሻል። 15 ላይ ሲሆን ስንጥቁ ሳይነካ ያልፍና የሚወርደው ተከትሎት የሚመጣው ድምፅ ነው። ምቱ ፊት ለፊት ይወጣል። ይህን ስታነጻጽሩ የሁለቱን ድምፅ መጠን እኩል አድርጉ፤ አለበለዚያ ጆሮ ሁልጊዜ የጮኸውን ይመርጣል።

በኮምፒውተር በሚሠራው ReaComp አታክንና ቅነሳው የሚለቅበትን ጊዜ፣ ሪሊዝን፣ እንደፈለጉ ማስተካከል ይቻላል፤ ለዊንዶውስም በነፃ ይወርዳል። 1176 ግን በጣም ዘገየ በተባለበት ቦታ እንኳን አታኩ 0.8 ሚሊሰከንድ ነው። ስንጥቁን ስለሚይዘው፣ የሚሰጠው ውፍረትና ሻካራነት ነው። ቁልፉም ግራ ያጋባል፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈጥናል እንጂ አይዘገይም።

ዲቢኤክስ 160ኤ የአታክም የሪሊዝም ቁልፍ የለውም፤ ፍጥነቱን ራሱ ይወስናል። ምቱ ከትሬሾልዱ በ10 ዴሲቤል ሲያልፍ 15 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፣ በ20 ሲያልፍ ግን 5 ብቻ። ስለዚህ ትሬሾልዱን አብዝቶ ያወረደ ሰው የፈለገውን ጉልበት በገዛ እጁ ያጣዋል። ሲለቅ በሰከንድ 120 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ የእኛ 7.5 በ60 ሚሊሰከንድ ገደማ ይመለሳል።

ሪሊዙ በተለይ በችክችካ ላይ ይፈትናል። ሁለት ምቶች በ250 ሚሊሰከንድ ልዩነት ቢከተሉና ሪሊዙ 600 ቢሆን፣ ሁለተኛው ምት የሚደርሰው ኮምፕረሰሩ ገና ሳይለቅ ነው፤ ቀላሎቹ ምቶች ይጠፋሉ። ወደ 100 አውርዱትና የቅነሳ መርፌውን ተመልከቱ፤ ከሚቀጥለው ምት በፊት ወደ ዜሮ መመለስ አለበት። 20 ላይ ሲደርስ ደግሞ በማይኩ የገባው ሃይሃት ከየምቱ በኋላ እየተነፋ ይመጣል።

በኮምፒውተር ለሚሠራ ReaComp ይበቃል፣ ገንዘቡ ለተሻለ ማይክ ይዋል። ሲቀዳ ጀምሮ ስኔሩን መቅረጽ የሚሻ ዲቢኤክሱን ይግዛ። 1176 ደግሞ ስኔሩ ለሳሳበት ነው፤ የዱላው ስንጥቅ ያነሰው ስኔር ላይ ግን አልመክረውም።