የስልክ ማክሮ ሌንስ ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ የውድ ቦርሳ ስፌት ለመመርመር ይሆናል?

ይህ በመቆንጠጫ ስልክ ላይ የሚገጠም ትንሽ ሌንስ ለወራት የዋለው ለአንድ ሥራ ነው፤ የውድ ቦርሳዎች ኦሪጅናል መሆናቸውን ለመለየት ስፌታቸውን አቅርቦ ለማንሳት። ክሩን ለማየት ግሩም ነው። የስፌቱን ጥግግት ለመለካት ግን ያሳስታል።

ጣጣው ከቅርበቱ ይመጣል። ሌንሱ አጥርቶ የሚያነሳው ከቆዳው 3 ሴንቲሜትር ገደማ ሲርቅ ነው። የቦርሳ ጠርዝ ወፍራም ስለሆነ ደግሞ አጠገቡ የሚቀመጠው ማስመሪያ ከስፌቱ ዝቅ ይላል። ስፌቱ ከሌንሱ 30፣ ማስመሪያው 33 ሚሊሜትር ቢርቁ፣ ስፌቱ በ10 በመቶ ረዝሞ ይታያል። እንግዲህ 3 ሚሊሜትር የሆነው ስፌት 3.3 ይነበባል፤ በኢንች 8.5 ስፌት ገደማ መሆን የነበረበት ወደ 7.7 ይወርዳል። ጥሩ ቦርሳ በከንቱ ይጠረጠራል ማለት ነው። ለቆጠራ ሌንሱን አውልቆ ከ20 ሴንቲሜትር በዙም ማንሳት ይሻላል፤ ያው የ3 ሚሊሜትር ልዩነት ስህተቱን ወደ 1.5 በመቶ ያወርደዋል። ሲቆጠርም ቀዳዳው ሳይሆን በቀዳዳዎች መካከል ያለው ስፌት ነው፤ 11 ቀዳዳ 10 ስፌት ነው። ማዕዘንና ክር የተቋጨበት ቦታ አይቆጠርም።

ሌንሱ ዋጋውን የሚያስመልሰው ክሩ ላይ ነው። የፈረንሳዩ ቦርሳ ሠሪ ኤርሜስ የሚታወቅበትን የኮርቻ ስፌት እንውሰድ። በሰም የታሸ አንድ የተልባ እግር ክር በሁለት ጫፉ መርፌ ይገባለትና ሁለቱም መርፌዎች በየቀዳዳው ይሻገራሉ፤ ስለዚህ ስፌቱ ፊት ለፊት ዘንበል ብሎ ይታያል። የቀዳዳዎቹ ርቀት የሚወሰነው አስቀድሞ ቆዳው ላይ ምልክት በሚያደርገው ባለጥርስ መሣሪያ ነው። ቀጥ ባለ መስመር ላይ ርቀቱ ከተዛባ ያጠራጥራል፤ የስፌቶቹ ዘንበልታ ትንሽ መለያየት ግን የእጅ ሥራ ወጉ ነው። በማሽን ስፌት ሁለት ክሮች ቆዳው ውስጥ ይቆላለፋሉ። ውጥረታቸው ካልተመጣጠነ የታችኛው ክር ከየቀዳዳው አፍ ላይ እንደ ነጥብ ብቅ ይላል፤ ወይም የላይኛው በጀርባ በኩል ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱም ገጾች ይነሱ።

ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ይምጣ፤ ያኔ የክሩ ግምድ ይለያል፣ የሳሳውና የተቦጨቀውም ይጋለጣል። በክሩ ዳር ነጭ መስመር ከታየ ስልኩ የምስሉን ጠርዞች ከልክ በላይ አጉልቷል፤ በዚያ ፎቶ ክሩ ለስላሳ ነው ሻካራ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። በቴሌግራም ሲላክም በፎቶ ሳይሆን በፋይል መሆን አለበት፤ ፎቶው ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጠፋው የክሩ ረቂቅ ዝርዝር ነው።

የዕቃው ድካም የታየው መቆንጠጫው ላይ ነው። ጎማው ሲላላ ሌንሱ ያዘነብልና የምስሉ አንድ ጎን ይደበዝዛል፣ በዚያ በኩል ያሉት ስፌቶችም የተጠጋጉ ወይም የተራራቁ ሊመስሉ ይችላሉ። ከሥራ በፊት ባለ ካሬ ወረቀት ማንሳት ይበቃል፤ የግራና የቀኝ ካሬዎች እኩል ካልሆኑ ሌንሱ እንደገና ይገጠም።