ኩዊክ ሴሌክሽን ወይስ ላሶ? ከጀርባ የቆመ ፔጆ ለማጥፋት

ሐረር ጀጎል ውስጥ የአክስቴን ልጅ ፎቶ አንስቻት ከኋላዋ ሰማያዊ ፔጆ 404 ቆሟል፣ ያውም ግድግዳውም ሰማያዊ ነው። መጀመሪያ ፎቶሾፕ ላይ በኩዊክ ሴሌክሽን ሞከርኩ፣ ብሩሹን ስጎትተው መኪናውን ቶሎ ያዘው ግን ቀለሙ ስለሚመሳሰል ወደ ግድግዳው ፈሰሰ፣ ጎማው ስር ያለውን ጥላ ደግሞ ጭራሽ ተወው። የፈሰሰውን Alt ይዤ ቀንሼ Edit > Content-Aware Fill ስለው መኪናው ጠፋ፣ ጥላውና ዙሪያው ላይ ቀጭን መስመር ግን ቀረ፣ የመኪና መንፈስ በሉት 😂 ችግሩ ጠርዙን ጥብቅ አድርጎ መያዙ ነው፣ ለማጥፋት የሚፈለገው ትንሽ ሰፋ ያለ ነው። በ Select > Modify > Expand 8 ፒክስል ብታሰፉት መስመሩ ይጠፋል፣ ጥላው ግን እዛው ነው።

ላሶ በእጅ ነው የሚዞረው፣ ከመኪናው ራቅ ብዬ ጥላውንም ጨምሬ ዞርኩት፣ እጄ ቢንቀጠቀጥም ምንም አልጎዳም፣ ንጹህ ሆኖ ወጣ። ላሶ የሚያስቸግረው ሻሿ መኪናውን የነካበት ጋ ነው፣ እዛ ሻሿን አብሮ ይቆርጠዋል። ስለዚህ መኪናውን በላሶ ዞርኩና ከመሙላቴ በፊት ወደ ኩዊክ ሴሌክሽን ቀይሬ Alt ይዤ እሷን ቀነስኳት፣ ሻሿ ቀይ ስለሆነ ጠርዙን ቁልጭ አድርጎ ለየው።