የቤተሰብ ፎቶ ወደ ስዕል ለማስቀየር ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

«የቡድን ፎቶ ወደ ስዕል እንቀይራለን» የሚሉ በቴሌግራምና በቲክቶክ በዝተዋል። ለናሙና የሚያሳዩት ግን ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው ወይም የጥንዶች ፎቶ ነው። በእሱ ተማምናችሁ የ14 ሰው ፎቶ እንዳታሠሩ፤ ሥራው ፈጽሞ ሌላ ነው።

ፎቶው ወርዱ 1280 ፒክስል ሆኖ 14 ሰው በሁለት ረድፍ ከቆመ፣ ከኋላ ላሉት ፊት የሚደርሰው 60 ፒክስል አካባቢ ነው። ርካሹ አሠራር ሙሉውን ፎቶ በአንዴ ለኤአይ መስጠት ነው። ኤአይ ደግሞ ፊት አይገለብጥም፣ እንደ አዲስ ይስላል፤ የማይታየውን ከራሱ ይሞላል። የአያት አንገት ላይ ያለው ንቅሳት ይጠፋል፣ ፍንጭቱ ይደፈናል፣ ጠይሙ ይቀላል፣ እህትማማቾች አንድ ፊት ይሆናሉ። ሰዉን በልብሱና በቆመበት ቦታ ስለምትለዩት ስህተቱ ቶሎ አይታያችሁም። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ሰው የሚነቃው ታትሞ ፍሬም ከገባ በኋላ ነው። «ጥራቱን እናሳድገዋለን» ቢሏችሁም አትቀበሉ፤ የተሳሳተው ፊት ይበልጥ ጥርት ብሎ ይታያል እንጂ አይስተካከልም።

በትክክል የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን ፊት ቆርጦ፣ አጉልቶ፣ ለብቻው ይሠራና ከዋናው ፎቶ ጋር አስተያይቶ ወደ ቦታው ይመልሳል። እዚህም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የፊተኛውን ረድፍ 2 እጥፍ፣ የኋላውን 4 እጥፍ አጉልቶ በአንድ ዓይነት መስመር ከሣለ፣ ወደ ቦታው ሲመልሰው የኋላዎቹ መስመር በግማሽ ይቀጥናል። ያኔ ፊቶቹ ከተለያየ ስዕል ተቆርጠው የተለጠፉ ይመስላሉ። ስለዚህ ሁሉም በእኩል እጥፍ መጉላት አለባቸው፤ ካልሆነም የፊቶቹ መስመር መጨረሻ ላይ በአንድ ውፍረት እንደገና ይሣላል። ይህን ጠይቁት፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ከኋላ ረድፍ በጣም ትንሹን ፊት መርጣችሁ እሱን ብቻ ሠርቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ለዚያ ሥራ ትንሽ ብትከፍሉም አያስቆጭም። እምቢ ካለ ተዉት። ሙሉው ሲያልቅም ቀሪውን ክፍያ ያዙና ፊቶቹን ብቻ ቆርጣችሁ፣ ፎቶውን ላላየ ዘመድ አሳዩት። ስም ካቀያየረ ወይም ካመነታ ያ ፊት ይታረም። ለአንድ ፊት ስንት ጊዜ እንደሚያርም ከመጀመሪያው በጽሑፍ ተስማሙ።

በእናንተም በኩል ፎቶውን ስትልኩ በፋይል መልክ ላኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ቴሌግራም ይጨምቀዋል። በዋናው ፎቶ ላይም ፊቱ ብዥ ካለ ማንም አያድነውም። የዚያን ሰው ሌላ የቅርብ ፎቶ ጨምሩ፤ በተቻለ መጠን በዚያው ዕድሜ የተነሳው፣ ፊቱም በቡድኑ ፎቶ ላይ ወዳዞረበት አቅጣጫ የዞረ ይሁን። የፊት ለፊት ፎቶ ሰጥታችሁ ጎኑን እንዲስል ካደረጋችሁት፣ አፍንጫውና አገጩ ግምት ነው የሚሆኑት።