ሪቹ 40,000፣ ሽያጩ አንድ፦ ቁጥር ማንበብ ላስተማረችኝ ባለሙያ

ይህን ምስጋና ከሁለት ወር በፊት መጻፍ ነበረብኝ።

ኢንስታግራም ላይ ቦርሳ እሸጣለሁ። አንዱ ሪልሴ 40,000 ሰው ጋ ሲደርስ ደስታዬን አልቻልኩትም። ዕቃ የሚያቀርብልኝ ሰው ጋ ደውዬ ተጨማሪ አዘዝኩ ሁሉ። ከዚያ ቪዲዮ የተሸጠው ግን አንድ ቦርሳ ነው። ግራ ሲገባኝ ጓደኛዬ አንዲት የዲጂታል ማርኬቲንግ ባለሙያ ጠቆመችኝ።

"በቀን ይህን ያህል ፖስት አድርጊ" ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሁለት ፖስቶቼን ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፈች። አንዱ ያ ሪልስ ነው። ሌላው እኔ ራሴ የረሳሁት፣ ቦርሳው ላፕቶፕ እንደሚይዝ ያሳየሁበት ፎቶ። የደረሰው 2,000 ሰው ጋ ብቻ ነበር።

"ላይኩን ተዪው፣ ሴቩን ለሪቹ አካፍዪ" አለችኝ። ሪልሱን ሴቭ ያደረጉት 60 ሰዎች ናቸው፤ ከሺህ ሰው ሁለት እንኳን አይሞላም። ፎቶውን ግን 140፤ ከሺህ 70 መሆኑ ነው። ሴቭ ያደረገ ሰው ባይገዛም ተመልሼ አየዋለሁ ብሏል። ሪልሱን ያስኬደው ቦርሳው ውስጥ የገባችው ድመት ናት። ሰው ድመቷን ወደደ፣ ቦርሳውን ማን አየው!

ባዮዬ ላይ ያለው ሊንክ አንድ ስለነበር የትኛው ፖስት ሰው እንደላከልኝ አይታወቅም ነበር። ለላፕቶፑ ፎቶ የብቻው ሊንክ ሠራችለት፤ ከድረ ገጼ አድራሻ መጨረሻ ይህን ቀጠለችበት፦

```
?utm_source=instagram&utm_medium=social&utm_content=laptop
```

ፎቶውን ደግሜ ለጠፍኩት። ጉግል አናሊቲክስ ላይ በዚህ ሊንክ 80 ሰው መጣ። የገዙት ሁለት። ተስፋ ልቆርጥ ስል "ይሄማ የፖስቱ ጥፋት አይደለም፣ ሰው እኮ መጥቷል" አለችኝ። ቀጥላ የት ላይ እንደሚወጡ አየች። 20ዎቹ ቦርሳውን መርጠው ወደ ክፍያ ሄደዋል፤ የማድረሻው ሂሳብ የሚታየው ግን እዚያ መጨረሻ ላይ ነበር። እሱን ሲያዩ ነው የወጡት። ሂሳቡን ከዋጋው ሥር አመጣሁት። በሚቀጥለው ዙር 75 መጥተው ሰባት ገዙ።

እኔ መጨፈር ስጀምር ግን አስቆመችኝ። ሰባት ሰው ትንሽ ቁጥር ነው፣ ሦስት አራት ዙር ሳታዪ አትደምድሚ አለችኝ። ደግሞ በሜሴጅ የሚያዝዙኝ ሰዎች አናሊቲክስ ላይ አይታዩም። አሁን እያንዳንዱን ገዢ "የትኛውን ፖስት አይተው ነው?" ብዬ እጠይቅና ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

ፖስት የሚሠራላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ እሷ አትሆናችሁም፤ ያንን አትሠራም። ቁጥሩ እያለ ሽያጩ ለጠፋባችሁ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ የሽያጭ መዝገባችሁን ያዙ፤ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።