ትራንስክሪፕትን ወደ ኤክሴል ለማስገባት የቱን ልግዛ? ቴሰራክት፣ ፋይንሪደር፣ ቴክስትራክት እና ሁለት ጸሐፊዎች

ስካን ከተደረገ ትራንስክሪፕት ላይ መጀመሪያ የምትጠፋው ከግሬዱ ጎን ያለችው ትንሽ ሰረዝ ናት። A- የነበረው A ይሆናል፤ ከስካኑ ላይ ፊደል የሚያነበው ፕሮግራምም ያለ አንዳች ማመንታት ይመዘግበዋል። የኮርስ ስም ቢጣመም አንባቢ አይቶ ያርመዋል። የተሳሳተ ግሬድ ግን ትክክለኛ ግሬድ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። ስለዚህ ሻጭ ሲመጣብኝ ፕሮግራሙ ምን ያህል በትክክል እንደሚያነብ አልጠይቀውም፤ የምጠይቀው ሲሳሳት በምን እንደማውቅ ነው።

ደግነቱ ትራንስክሪፕት የራሱን መቆጣጠሪያ ይዞ ይመጣል። በየሴሚስተሩ ግርጌ አማካይ ውጤቱ ታትሟል። የሚከተለው በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ትራንስክሪፕት አቀራረብ ለምሳሌ ያዘጋጀሁት አንድ ሴሚስተር ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ኮርስ፣ ክሬዲት፣ ግሬድ እና ነጥብ።

```
Math   4   B+   14.00
Phys   3   B     9.00
Engl   3   A-   11.25
Phil   3   C+    7.50
Geog   3   A    12.00
      16        53.75   SGPA 3.36
```

የእንግሊዝኛው A- ሰረዙን አጥቶ A ሆኖ ገባ እንበል። ነጥቡ ከ11.25 ወደ 12 ያድግና ድምሩ 54.50 ይሆናል፤ ለ16 ሲካፈል 3.41 ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን 3.36 ነው። ልዩነቱን 0.05 በ16 ብናባዛው 0.8 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ለ0.75 በጣም ይቀርባል። 0.75 ማለት የአንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ የሩብ ነጥብ ስህተት ነው። አሁን አምስቱን መስመር ሁሉ መመርመር አያስፈልግም፤ ሰረዝ ሊጠፋባቸው የሚችሉትን የፊዚክሱን B እና ሁለቱን A ብቻ ከምስሉ ጋር ማመሳከር ይበቃል። ኤክሴል ላይ ክሬዲቱን በC፣ የግሬዱን ዋጋ በD አምድ ካስቀመጣችሁ ስሌቱ አንድ መስመር ነው፦

```
=ROUND(SUMPRODUCT(C2:C6,D2:D6)/SUM(C2:C6),2)
```

ይህ ቁጥጥር የሚሠራው በሴሚስተር ሲደረግ ነው። በጠቅላላ ውጤቱ ብቻ ከተመዘነ ያው 0.75 ለ140 ክሬዲት ተካፍሎ ከ0.01 በታች ይወርድና በሁለት አሃዝ ማጠጋጋት ውስጥ ሊሰወር ይችላል። ሌላም ገደብ አለው። የኮርስ ስም ረዝሞ ወደ ሁለተኛ መስመር ሲወርድ ፕሮግራሞች አንዳንድ ጊዜ ግሬዱን ከጎረቤቱ ኮርስ ጋር ያያይዙታል። የሁለት ባለ 3 ክሬዲት ኮርሶች ግሬድ ቢለዋወጥ ደግሞ ድምሩ አይነቃነቅም። ስለዚህ ረጅም ስም ያላቸውን መስመሮች በዓይን ማየት ግድ ነው።

እንግዲህ መሣሪያዎቹን በዚህ ሚዛን እንያቸው።

ቴሰራክት ነጻ ነው፤ ወረቀታችሁም ከራሳችሁ ኮምፒውተር አይወጣም። ግን ፊደል እንጂ ሠንጠረዥ አያነብም። የሚሰጣችሁ ቃል፣ የቃሉ ቦታ እና ከ100 የተሰጠ የእርግጠኝነት ቁጥር ነው፤ ከዚያ አምዶቹን በቦታቸው የሚለይ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋችኋል። ትእዛዙ ይህን ይመስላል፦

```
tesseract page.png out -l eng --psm 6 tsv
```

ትልቁ ፈተና አንደኛና ሁለተኛ ሴሚስተር ጎን ለጎን የታተሙበት ወረቀት ነው። ፕሮግራሙ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ቀጥ ብሎ ያነብና የሁለት ሴሚስተር ኮርሶችን በአንድ መስመር ይሰፋቸዋል። መፍትሔው ምስሉን አስቀድሞ መሐል ለመሐል መቁረጥ ነው። ስካኑ ከ300 ዲፒአይ በታች ከሆነ ደግሞ ሰረዞቹን አትጠብቁ፤ የB+ መደመር ምልክትም t ሆኖ Bt ሲል ታገኙታላችሁ። ይህኛው እንኳን ራሱን ያጋልጣል፤ እንዲህ የሚባል ግሬድ የለምና።

አቢ ፋይንሪደር የሚከፈልበት ነው፤ ፕሮግራም መጻፍ ግን አይጠይቅም። ሠንጠረዡን በመዳፊት ታከልላላችሁ፣ የአምድ መስመሮቹን በእጃችሁ ታስተካክላላችሁ፣ የተጠራጠራቸውን ፊደላት በቀለም ያሳያችኋል፣ ከዚያ ወደ ኤክሴል ይልካል። ለሬጅስትራር ሠራተኛ ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው። የሚያሰለቸው የእያንዳንዱን ገጽ አምዶች ማስተካከሉ ነው፤ ሁሉም ወረቀት ከአንድ ተቋም ካልመጣ በቀር የአንዱ አከላለል ለሌላው አይሆንም።

አማዞን ቴክስትራክት ሠንጠረዥ ለማንበብ የተሠራ አገልግሎት ነው። እያንዳንዱን ሳጥን ከነረድፉና ከነአምዱ ቁጥር፣ ከነእርግጠኝነት መጠኑ ይመልሳል፤ ጎን ለጎን የታተሙ ሴሚስተሮችንም በአምድ ቁጥር መለየት ይቻላል። ለሠንጠረዥ የሚያስከፍለው በአሜሪካ ዋጋው ለ1,000 ገጽ 15 ዶላር ነው፤ ርካሽ ነው ማለት ይቻላል። ዋጋው ርካሽ ሆኖ ሳለ ክፍያው ያስቸግራል፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አማርኛ አያነብም፤ የኮርሱ ሠንጠረዥ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይህ ብዙም አይጎዳም። የሚያሳስበኝ የተማሪ ስምና ውጤት ወደ ውጭ አገር ኮምፒውተር መላኩ ነው። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ከአገር ስለሚወጣ መረጃ የራሱ ድንጋጌ አለው፤ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የሕግ ሰው ያንብብላችሁ። ቢያንስ የስምና የፎቶ ክፍሉን ቆርጣችሁ ሠንጠረዡን ብቻ ላኩ።

አራተኛው አማራጭ ሻጭ የለውምና ማንም አያስታውቅለትም፦ ሁለት ጸሐፊዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ ያንኑ ወረቀት ለየብቻ ይተይባሉ፤ የማይገጥመው ሳጥን ብቻ ይመረመራል። በእኔ ቢሮ አንድ ጸሐፊ በሰዓት ሦስት ወይም አራት ትራንስክሪፕት ይጨርሳል። አዝጋሚ ነው። ነገር ግን ክብ ማኅተም ግሬዱ ላይ ያረፈበትን፣ በታይፕ ተመትቶ በካርቦን የተገለበጠውን፣ በእጅ የተሞላውን የድሮ ወረቀት በትክክል ሲያነብ ያየሁት ሰው ብቻ ነው።

አንድ ነገር የትኛውም መሣሪያ አያደርግላችሁም። ወረቀቱ 2010 ቢል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ትምህርቱ የጀመረው በፈረንጆቹ 2017 መገባደጃ ላይ ነው። አንዳንዱ ትራንስክሪፕት በአንዱ፣ አንዳንዱ በሌላው አቆጣጠር ይጽፋል። ለዓመቱ ሁለት አምድ ያዙ፤ አንዱ እንደተጻፈው፣ ሌላው የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ። ቁጥሩን እዚያው ቀይራችሁ ብታስገቡ ተመልሶ የሚያጣራ ሰው ምን እንደነበረ አያውቅም። ክሬዲት አወርና ኢሲቲኤስ ጎን ለጎን የታተሙበት ወረቀትም እንደዚሁ ነው፤ ሁለቱንም መዝግቡ፣ አማካዩ የተሰላው በየትኛው እንደሆነ የላይኛው ስሌት ይነግራችኋል።

ከመቶ በታች ወረቀት ካላችሁ ምንም አትግዙ፤ ሁለት ጸሐፊ አስቀምጡ። ጥቂት መቶ ከሆነና ከአንድ ተቋም ከመጣ ፋይንሪደር ዋጋውን ይመልሳል። በሺዎች የሚቆጠር መዝገብ ላለው ቢሮ፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ካለው ቴሰራክትን፣ ከሌለው ደግሞ ሕጉና ክፍያው ከተፈቱለት ቴክስትራክትን እመርጣለሁ። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ከራሳችሁ መዝገብ ውስጥ ሃያ ወረቀት፣ ከነማኅተማቸው፣ ከነሰረዛቸው መርጣችሁ አስነብቧቸውና ስንት ሴሚስተር ከታተመው አማካይ ጋር እንደገጠመ ቁጠሩ። አንድ ሻጭ እኔ ዘንድ ሲመጣ ያሳየኝ ራሱ ያመጣውን ንጹሕ ወረቀት ነበር፤ ማኅተም ያለበትን አንድ ወረቀት ስሰጠው ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብሎኝ ሄደ።