ቀኙ ኤርበድ ለምን ቀድሞ ባትሪ ይጨርሳል?

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የእህል መጋዘን ነው የምሠራው። ቀኔ የሚያልፈው በስልክ ነው። ከቡሬ በቆሎ የሚጭነው ሹፌር ይደውላል፣ ከባሕር ዳር ገዢው ይደውላል። ለዚሁ ሥራ የገዛሁት ገመድ አልባ ኤርበድ ዓመት ሊሞላው ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ጆሮም አያሳምምም። ባትሪው ላይ ግን ብዙ የምለው አለኝ። አዲስ እያለ ሁለቱ እኩል ይቆዩ ነበር፤ አሁን ቀኙ ሁልጊዜ ቀድሞ ይዘጋል።

ዋናው ምክንያት ሁለቱ እኩል አለመሥራታቸው ነው። እንደ እኔው ባሉ ብዙ ሞዴሎች አንዱ ዋና ይሆናል። ከስልኩ ጋር ግንኙነቱን የሚይዘው እሱ ነው፤ ሌላው ተከታይ ነው። ስልክ ስናወራ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራው የዋናው ማይክ ብቻ ነው። ዘፈን መስማት ቀላል ሥራ ነው። ማውራት ግን ድምፅ መቀበልም መላክም፣ የአካባቢውን ጫጫታ ማጣራትም ስለሆነ ባትሪ ይበላል። እኔ ደግሞ ግራ ጆሮዬ መጋዘኑን እንዲሰማ ቀኙን ብቻውን አደርጋለሁ። ግራው ኬዙ ውስጥ ተኝቶ ይውላል።

በአንድ ቀን የሚፈጠረው ልዩነት ቀላል ነው፣ ማታ ቻርጅ ይደረጋል። ችግሩ የሚጠራቀመው ነው። የአንዱ ኤርበድ ባትሪ በጣም ትንሽ ነው፤ በአብዛኛው ከ30 እስከ 60 ሚሊአምፒር ሰዓት ብቻ ይይዛል። የሊትየም ባትሪ በተሞላና ባለቀ ቁጥር ትንሽ ትንሽ አቅም ያጣል። ቀኙ ብዙ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ ይሞላል፣ ብዙ ጊዜ ስለሚሞላም ቶሎ ያረጃል።

ታዲያ ኬዙ ይህን አያስተካክልም ወይ? አያስተካክልም። ኬዙ የራሱ ባትሪ አለው፤ ከዚያ ወደ 5 ቮልት አሳድጎ ለሁለቱም ፒን በሚባሉት ትንንሽ የብረት መነካኪያዎች በኩል ይሰጣል። ምን ያህል እንደሚወስድ የሚወስነው ግን እያንዳንዱ ኤርበድ ውስጥ ያለው የራሱ ቻርጅ መቆጣጠሪያ ነው። ባትሪው 4.2 ቮልት አካባቢ ሲደርስ የሚወስደው ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል። ኬዙ ይህን ሲያይ «ሞልቷል» ብሎ ያቆማል። ያረጀውም አዲሱም 100 ፐርሰንት ብለው ይወጣሉ። የአንዱ 100 ግን ከሌላው 100 ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቆሻሻ ነው፤ እህል ቤት ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጤፍ ብናኝ ከጆሮ ኩክ ጋር ተለውሶ ፒኑ ላይ ይጋገራል። ምልክቱን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ስልክ ተደወለልኝ፣ አነሳሁ፣ ምንም አይሰማም። ድምፁ የሚሄደው ጠረጴዛ ላይ ወዳለው የተዘጋ ኬዝ ነበር። ቀኙ ፒኑን ስላልነካ ኬዝ ውስጥ መግባቱን አላወቀም፤ ቻርጅ እንዳያደርግም እንዳይተኛም ሆኖ ከስልኩ ጋር እንደተገናኘ ቆየ። እንዲህ ያለው ኤርበድ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ሲጨርስ ያድራል። መብራት ጠፍቶ ኬዙ ራሱ ሲያልቅም በእኔው ላይ ተመሳሳይ ነገር አይቻለሁ።

ፒኑን በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ካልሆነም ጥጥ ላይ ትንሽ አልኮል አድርጎ መጥረግ ይበቃል። በመርፌ መፋቅ ግን አይገባም። ፒኑ በስፕሪንግ የሚሠራና ላዩ የተለበጠ ስለሆነ ይበላሻል።

ቆሻሻውንና እርጅናውን ለመለየት ስልኩ ላይ የሚታየውን ፐርሰንት እዩ። ኬዙ ራሱ ሳያልቅ ውስጡ አድሮ 100 የማይደርስ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ ፒኑ ጋር ነው። 100 ደርሶ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ ሁለቱን አብራችሁ አውጥታችሁ፣ በአንድ ድምፅ መጠን፣ ዘፈን ብቻ ክፈቱ። በዘፈን እኩል ወርደው ስልክ ስታወሩ ብቻ የሚለያዩ ከሆነ ባትሪው ደህና ነው፣ ማይኩ ነው የሚበላው። በዘፈንም አንዱ በጣም ከቀደመ አርጅቷል ማለት ነው። የእኔ ቀኝ ግራው 70 ላይ እያለ 40 ላይ ይደርሳል። ስለዚህ አርጅቷል።

አሁን ለስልክ የማደርገው ግራውን ነው። በእኔው ሞዴል ከኬዝ ቀድሞ የወጣው ዋና ይሆናል፤ ስለዚህ ጠዋት መጀመሪያ የማወጣው ግራውን ነው። ያረጀው ባትሪ አይመለስም፣ ግን ቀኙ አሁን እስከ ማታ ይደርሳል። በፈረንጆቹ 2020 ይፋ የሆነው ኤልኢ ኦዲዮ የሚባለው አዲሱ የብሉቱዝ ድምፅ አሠራር ያላቸው ሞዴሎች ሁለቱንም ኤርበድ በየራሳቸው ከስልኩ ጋር ያገናኛሉ፤ ስልኩም ይህን መቀበል አለበት። በስልክ ለሚውል ነጋዴ የምመክረው እነሱን ነው። ካልተገኙም ቢያንስ ግራም ቀኝም ብቻቸውን ማይክ ሆነው የሚሠሩበትን ይግዛ፤ ሱቁ ውስጥ እያለ አንዱን ኬዝ ውስጥ ትቶ በሌላው ደውሎ፣ ከዚያ አገላብጦ ይሞክር።