ኤኤችኤ ወይስ ቢኤችኤ? ለወዛም ግንባርና ለደረቅ ጉንጭ

ሁለቱም ፊት ላይ የሚቀቡ አሲዶች ናቸው፤ የሞተውን የቆዳ ሽፋን ያረግፋሉ፤ የሚለያዩት በሚደርሱበት ቦታ ነው። ግላይኮሊክና ላክቲክ አሲድን የያዘው ኤኤችኤ በውሃ ስለሚሟሟ ላይ ላዩን ይሠራል። ቢኤችኤ፣ ማለትም ሳሊሲሊክ አሲድ፣ በቅባት ስለሚሟሟ ወዝ የደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል።

ደብረ ማርቆስ የምትኖር ሴት እናስብ። ፀጉሯን ቅቤ ስለምትቀባ ግንባሯ ላይ ጥቁር ነጥብ ወጥቷል፤ ጉንጯ ግን በብርዱ ደርቆ ይላላጣል። አንዱን መርጣ ፊቷን በሙሉ ብትቀባ ታጠፋለች። ለግንባሯና ለአፍንጫዋ 2 በመቶ ሳሊሲሊክ፣ ለጉንጯ 5 በመቶ ላክቲክ ይሻላታል። ግላይኮሊክ ለደረቅ ጉንጭ ይበረታል።

ሰኞ ማታ ቢኤችኤ፣ ሐሙስ ማታ ኤኤችኤ፤ ታጥባ ባደረቀችው ፊት ላይ በስሱ፣ ከዚያ ማለስለሻ ክሬም። ከአራት ሳምንት በኋላ ቆዳዋ ካልተቆጣ ቢኤችኤውን በሳምንት ሁለት ሌሊት ማድረግ ትችላለች። የጉንጩን ግን ባትጨምር ይመረጣል፤ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል።

መብዛቱ የሚታወቀው ተራ ክሬም እንኳ ሲያቃጥል፣ ፊቱም እየተወጠረ ሲያብረቀርቅ ነው። ይህን ብዙዎች «ጠራልኝ» ይሉታል! በጠይም ቆዳ ላይ እንዲህ ያለ ቁጣ ጥቁር ምልክት ትቶ ስለሚሄድ፣ ቃጠሎው እስኪጠፋ ሁለቱንም ማቆም ነው።

ኤኤችኤ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ እንደ ደብረ ማርቆስ ከፍታው ከ2400 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ደግሞ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ቀን ቀን ቁጥሩ 30ና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ መቀባት፣ አሲዱን ካቆሙም በኋላ ለአንድ ሳምንት አለመተው።